ሰኞ ያልተጻፈበት ወረቀት

ሆቴሉ ውስጥ በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። እትዬ አንሶላ ነበር የምትባለው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የአንሶላውን፣ የፎጣውንና የብርድ ልብሱን ክፍል ይዛለች። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሳትቆጥር የሰጠችው፣ ገልጣ ሳታይ የተቀበለችው አንድ የትራስ ልብስ የለም። የክፍሉ ቁልፍ ቀን ቀን ከሽርጧ ኪስ አይወጣም። ማታ ስትሄድ ደግሞ እንግዳ መቀበያው ላይ ላለው ሰው ታስረክባለች፤ የተቀበለውም ሰማያዊው ደብተር ላይ ይፈርማል። ፊርማው ካልጠራላት "ይቺ ትል ናት ፊርማ?" ብላ ድጋሚ ታስፈርማለች። ሰው ቢማረርባትም ግድ አልነበራትም።

ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆመችው። እናታቸው ስትሞት ታናሿ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። ያቺን ልጅ አዝላም አቅፋም አሳደገቻት፤ የሰው ልብስ እያጠበች አስተማረቻት። ሚጢጢ ነበር የምትላት፤ ቁመቷ በልጣት፣ ተረከዘ ረጅም ጫማ አድርጋ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ እዚያው ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ከቆመች በኋላም ሚጢጢ ነች። ሚጢጢ ከፈረንጅ ጋር ስትሳሳቅ እትዬ አንሶላ ፎጣ ተሸክማ ቆም ትልና ታዳምጣለች። አንድም ቃል አይገባትም፤ ግን ደረቷ ይነፋል።

ሆቴሉ ለሠራተኞች የእንግሊዝኛ ትምህርት ሲጀምር ይመዘገባሉ የተባሉት ወጣቶቹ ነበሩ። እሷ ደብተርና እርሳስ ይዛ መጣችና ፊት ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

"እትዬ አንሶላ፣ አንሶላው እንግሊዝኛ ካልሆነ አልታጠፍም አለ እንዴ?" አላት ምግብ አብሳዩ።

"አንተም ልትናገር ነው የመጣኸው አይደል? አንሶላዬ ከአንተ በምን ያንሳል?"

ሁሉም ሳቀ። አስተማሪውም ሳቁ። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የኮታቸው እጅጌ ሁልጊዜ ነጭ ስለሆነ ጋሽ ጠመኔ ይሏቸዋል። በአሥር ሰዓት፣ የሠራተኛው ምግብ አዳራሽ ተወልውሎ ገና ሳይደርቅ፣ ጥቁር ሰሌዳቸውን ወንበር ላይ አስደግፈው ያስተምራሉ።

አንድ ቀን አንዷ ክፍል አጽጂ ተነስታ፣ "አይ ሃቭ ክሊንድ ዘ ሩም የስተርደይ" አለች። ክፍሉን ትናንት አጽድቻለሁ ማለቷ ነው።

ጋሽ ጠመኔ ጥርስ እንዳመመው ሰው ጉንጫቸውን ያዙ። "ልጄ፣ የስተርደይ ያለቀ ቀን ነው፤ ተዘግቷል። ሃቭ ደግሞ ካለቀና በስሙ ከተጠራ ጊዜ ጋር አንድ ወንበር ላይ አይቀመጥም። እንግዳው መጥቶ 'ክፍሌ ጸድቷል?' ካለሽ፣ 'አይ ሃቭ ክሊንድ ዘ ሩም' በይው። ሰውዬው የሚፈልገው አሁን ገብቶ መተኛት ነው፤ መቼ እንዳጸዳሽ ምን ያደርግለታል? ጊዜውን ተዪው። 'መቼ አጸዳሽ?' ካለሽ ግን ሃቭን ጣይና 'አይ ክሊንድ ኢት የስተርደይ' በይ።"

"ጋሼ፣ በእኛ ቋንቋ ትናንት አጽድቻለሁ ቢባል ማን ይቆጣል?"

"ማንም። ለዚህ ነው ሁላችሁም እዚችው ላይ የምትወድቁት።"

"ዛሬስ? ዛሬ ከሃቭ ጋር ይጣላል?" አለች እትዬ አንሶላ።

"ጎበዝ! ዛሬ ገና አላለቀም፤ አይጣላም። የተጣላው ካለፈው ጋር ነው፤ ከትናንት፣ ካለፈው ሳምንት፣ ካለፈው ሰኞ።"

እሷም እርሳሱን በምላሷ እያራሰች ጻፈች። ስትጽፍ በጣም ነው የምትጫነው፤ ከኋላ ያለው ገጽ ሁሉ ይጎደጉዳል።

በሳምንቱ፣ ሰኞ ዕለት፣ ሥራዋን ጨርሳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ እንግዳ መቀበያው ወጣች። ሚጢጢ ስልክ ይዛ ነበር። ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ መዳፏን ዘረጋች። እትዬ አንሶላ ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖረችና ሰማያዊውን ደብተር አየችው። ደብተሩ ጠረጴዛው ወዲያ ጫፍ ላይ ነው። ሚጢጢ በዓይኗ "ሂጂ፣ ሂጂ" አለቻት። ምን ችግር አለው፤ በእጄ ካሳደግኳት ልጅ ፊርማ ልቀበል? አለችና ሄደች። በአሥራ ስምንት ዓመት ያለ ፊርማ ቁልፍ ያስረከበችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ማክሰኞ የእረፍት ቀኗ ነበር። ጠዋት ጎረቤት በር ላይ ቆማ ስታወራ ስልኳ ጮኸ፤ "ቶሎ ድረሺ፣ ክፍልሽ በውሃ ተጥለቅልቋል" አሏት። ነጠላ ጫማዋን እንኳን ሳትቀይር ሮጠች። ዘበኛው ጎህ ሲቀድ ውሃ በኮሪደሩ ሲወርድ አይቶ ቁልፉን ከመስቀያው ቢፈልግ አጥቶት፣ መዝጊያውን ሰብሮ ነው የገባው። ክፍሉ ውስጥ እድፍ የምታስለቅቅበት ገንዳ አለ፤ ቧንቧው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ሰኞ ከሰዓት ውሃ ጠፍቶ ነበር፤ ሌሊት መጣ፤ ሲፈስ አደረ። ለላይኛው ፎቅ የመጡት አርባ አዳዲስ ቀይ ብርድ ልብሶች ውሃ ጠጥተው ቀለማቸውን ለቀዋል። ነጫጭ አንሶላዎቿ በሙሉ ሮዝ ሆነዋል።

እትዬ አንሶላ አንዱን አንሶላ አንስታ ጨመቀችው፤ ሮዝ ውሃ በክንዷ ወረደ። ሰው ሞቶባት ያላለቀሰች ሴት ያን ቀን አለቀሰች።

ቧንቧውን ማን ከፈተው? ሥራ አስኪያጁ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ነው፤ ከንግግር ይልቅ ወረቀት ያምናል። "ከሰኞ ጀምሮ ቁልፉን የነካ ሁሉ እስከ ሐሙስ በእንግሊዝኛ፣ በገዛ እጁ ጽፎ ያምጣ" አለ። በገዛ እጁ ያለው ባለፈው ጊዜ ሠራተኞቹ በአስተርጓሚ ሰበብ ተጣልተው ስለነበረ ነው። ሌላው ቢሆን ሰው ያስጽፍ ነበር። እሷ ግን ሦስት ወር የተማርኩት ለመቼ ነው ብላ ረቡዕ ማታ ራቷን ሳትበላ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ሰዓቱን ሳይቀር በጣቷ ቆጥራ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው፤ አሥራ ሁለት የነበረው ሲክስ ሆነ። ላብ በላብ ሆና አንድ ዓረፍተ ነገር ወለደች፦ "አይ ሃቭ ጊቭን ዘ ኪ ቱ ማይ ሲስተር ኦን መንዴይ አት ሲክስ።" ቁልፉን ሰኞ በአሥራ ሁለት ሰዓት ለእህቴ ሰጥቻለሁ።

ሚጢጢ ያን ምሽት መጣች። ከመጣች ጀምሮ ፊቷ ጥሩ አልነበረም። እትዬ አንሶላ ደክሟት ነው አለች።

"ነይ እስቲ እዪልኝ፤ እንዳልዋረድ።"

ሚጢጢ ደብተሩን ስባ አነበበች። ሁለት ጊዜ አነበበች። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ብዙ አቆየቻት።

"እትዬ፣ ይሄ ስህተት ነው።"

"የቱ ጋ?"

"ሃቭ ብለሽ መንዴይ ትያለሽ? አብረው አይሄዱም። አስተማሪያችሁ አልነገራችሁም?"

እትዬ አንሶላ ግንባሯን መታች። "ወይ እኔ! በአንድ ወንበር አይቀመጡም ብለውን ነበር እኮ። ያቺን አጽጂ ስቄባት፣ እኔም እዚያው!"

"ታዲያ መንዴይና ሲክስ ይውጡ። 'አይ ሃቭ ጊቭን ዘ ኪ ቱ ማይ ሲስተር።' አለቀ። ንጹሕ እንግሊዝኛ ነው፤ ፈረንጁ ራሱ እንዲህ ነው የሚለው።"

"ቀኑ ካልተጻፈ ግን..."

"ቁልፉን ሰጥተሻል፤ ቁልፉ እኔ ጋ ደርሷል። ሌላ ምን ይፈልጋሉ? በተሳሳተ እንግሊዝኛ ሊስቁብሽ ነው የፈለግሽው?"

ሚጢጢ ላጲሱን አንስታ ፈገፈገችው። ፍርፋሪውን እፍ አለችው። እትዬ አንሶላ ንጹሑን ቅጂ በብዕር ጻፈችና ፈረመች። እህቷን ግንባሯን ሳመቻት፤ "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር" አለቻት። ሚጢጢ ቀና አላለችም፤ ጫማዋን ማሰሪያ ያለው ይመስል ትነካካ ነበር፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም።

በሚቀጥለው ሰኞ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው ጠራት። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ አኖረ።

"እትዬ፣ ክፉ ዜና ነው። በቸልተኝነት ተብሎ ከሥራ እንድትሰናበቺ ተወስኗል። ቅሬታ ካለሽ ሦስት ቀን አለሽ።"

"በምን ቸልተኝነት? ቁልፉን ሰኞ ሰጥቻለሁ!"

"ወረቀትሽ ሰኞ አይልም።"

"ያላለው እንግሊዝኛው አይፈቅድም ተብዬ ነው!"

ኃላፊው ሌላ ወረቀት አወጣና አዞረላት። የሚጢጢ ጽሕፈት ነው፤ እንደ ዶቃ የተደረደረ። እትዬ አንሶላ ቃል በቃል በጣቷ ሄደችበት። "ማይ ሲስተር ጌቭ ሚ ዘ ኪ" ... እህቴ ቁልፉን ሰጠችኝ። ቀጥሎ "ኦን ቱስዴይ" ይላል። "አት ቱ።" ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት ላይ።

"ማክሰኞ?" አለች። "ማክሰኞ እኮ የመጣሁት አንሶላ ልጨምቅ ነው። ውሃው ካጥለቀለቀ በኋላ። ቁልፉ በምን በኩል እኔ ጋ..."

"እኛም ያልነው ይሄንኑ ነው። ሰኞ ማታ ቁልፉ በሽርጥሽ ኪስ አደረ፤ ቧንቧውን ሳትዘጊ ወጣሽ፤ ማክሰኞ መጥተሽ ለእህትሽ ሰጠሽ። የሷ ወረቀት ቀንና ሰዓት አለው፤ ደብተሩ ላይ ፊርማ የለም፤ ያንቺ ወረቀት ደግሞ ከሷ ጋር አይጋጭም። ሰጥቻለሁ ነው የሚለው። ሰጥተሻል።"

"ተሳስታ ይሆናል የጻፈችው" አለች። ድምፅዋ ግን የሌላ ሰው ሆነባት።

በማግስቱ በአሥር ሰዓት ሰው ሳይገባ ጋሽ ጠመኔን አገኘቻቸው። ደብተሯን ዘረጋችላቸው። የእርሳሱ ጽሑፍ ጠፍቷል፤ ጉድጓዱ ግን አልጠፋም። አሮጌው ሰው ገጹን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርገው ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበቡ።

"ኦን መንዴይ አት ሲክስ። ይሄን ማን አጠፋው?"

"ስህተት ነው ተብዬ ነዋ ጋሼ። ሃቭ ካለ ሰኞ አይገባም ተብዬ። እርስዎም ብለውናል።"

"ብያለሁ። ልክ ነው፤ አብረው አይሄዱም።" ጋሽ ጠመኔ ጠመኔያቸውን አነሱ፤ ግን ምንም አልጻፉም። "ግን ልጄ፣ ሁለት ሰዎች አብረው ካልተስማሙ ከሁለት አንዱ ነው የሚወጣው። የግድ ሰኞ ነው መውጣት ያለበት ያለሽ ማነው? ሃቭን አውጥተሽ 'አይ ጌቭ' ካልሽ ሰኞም ሲክስም ቦታቸው ላይ ይቀመጣሉ። እንደውም እንዲህ ላለ ወረቀት ይሄኛው ነው ትክክሉ። ሰዎቹ የጠየቁሽ መቼ ብለው ነው። 'አይ ሃቭ ጊቭን' ማለት እኮ መቼ እንደሆነ አትጠይቁኝ እንደማለት ነው፤ ትናንት ይሁን ከደቂቃ በፊት ወረቀቱ አያውቅም።"

እትዬ አንሶላ ላጲስ የነካውን ቦታ በጣቷ ዳሰሰችው።

"ያረመሽ ሰው ይሄን አያውቅም ነበር ይሆናል" አሉ፤ ሊያጽናኗት።

"ታውቃለች" አለች። "አሥራ ሁለተኛ ክፍል በእንግሊዝኛ አንደኛ የወጣችው እሷ ናት። የምስክር ወረቀቱን እኔ ነኝ በመስታወት አስገብቼ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት።"

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ጋሽ ጠመኔም አጠገቧ ቁጭ አሉ። ሌሎቹ እየተንጫጩ ሲገቡ፣ "ዛሬ ትምህርት የለም፤ ሂዱ" አሏቸው፤ ምግብ አብሳዩ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ፊቷን ሲያይ መልሶ ዘጋው።

የቆጫት ውሸቱ አልነበረም። ሰው ሲፈራ ይዋሻል፤ እሷም ዋሽታ ታውቃለች። የቆጫት ሚጢጢ እውነቱን እንደ ቢላ መጠቀሟ ነው። ስህተትሽን ላርምልሽ ብላ፣ ትክክል የሆነ ነገር ተናግራ፣ እንዳትዋረጂ ብላ። ላጲሱ ሲፈገፍግ ደብተሩን አጥብቃ የያዘችላት እሷ ራሷ ነበረች፤ እንዳይንሸራተት።

"እኔ ልጻፍልሽ?" አሉ ጋሽ ጠመኔ።

"አይሆንም። እኔው ነኝ የምጽፈው። አንድ ቃል ብቻ ይንገሩኝ፤ ፊርማ ምንድነው?"

ረቡዕ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊውም ነበር። ሁለት መስመር ብቻ ነው የጻፈችው። "አይ ጌቭ ዘ ኪ ቱ ማይ ሲስተር ኦን መንዴይ አት ሲክስ። አይ ዲድ ኖት አስክ ፎር ኤ ሲግኔቸር።" ቁልፉን ሰኞ በአሥራ ሁለት ሰዓት ለእህቴ ሰጠሁ። ፊርማ አልጠየቅኩም። ሁለተኛዋን መስመር ማንም አላስገደዳትም፤ ጥፋቷ ስለሆነ ጻፈችው። የደብተሯንም ገጽ ቀድዳ አኖረች፤ ሥራ አስኪያጁ በአምፖሉ ስር አዘንብሎ አየው።

ከዚያ በኃላፊው በኩል ጠየቃት። "ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሆነ፣ ማን ያውቅልሻል?"

ቀን ሲጠራ ቀን መመርመር ይቻላል። ሠራተኛ በጓሮ በር ሲወጣ ይፈተሻል። እንግዳ ተቀባዮቹ ብቻ ናቸው በፊት ለፊት የሚወጡት።

"ፈታሿን ጥሯት" አለች።

ፈታሿ ወፍራም ደብተሯን በብብቷ ይዛ መጣች። "እሷን? እሷን እኮ በየቀኑ እየሰደበችኝ ነው የምፈትሻት። አሥራ ስምንት ዓመት አንዲት መሐረብ ሳልሰርቅ ትላለች፣ እኔ ደግሞ ክንድሽን አንሺ እላለሁ።" ምራቋን ጣቷ ላይ አድርጋ ገጹን ገለጠች። "ይኸውና ሰኞ። አሥራ ሁለት ከአሥር። ኪሷን ገልብጫለሁ። አንድ መነጽር፣ አንድ መርፌ ከነክሩ፣ ግማሽ ከረሜላ። ቁልፍ የለም። ብረት ቢኖራት ይሄ እጄ አያልፈውም።"

ሚጢጢ ተጠራች። ስትገባ መጀመሪያ ያየችው የተቀደደውን ገጽ ነው። ብዙም አልተከራከረችም። ሰኞ ሸሚዟ ላይ የብዕር ቀለም ፈስሶባት፣ ገንዳው ላይ ልታስለቅቅ ገባች። ቧንቧውን ብትከፍት ውሃ የለም። ከፍታ ትታው ወጣች፤ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ቤቷ ሄደች። ማክሰኞ ግርግሩ መሐል አምጥታ ሰቀለችው። ከዚህ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ ነበረባት፤ ሁለተኛው ማባረሪያ ነው።

"አንቺ ግን አሥራ ስምንት ዓመት አለሽ" አለች ወደ እህቷ ዞራ፣ በአማርኛ። "ይምሩሻል ብዬ ነው።"

"ባይምሩኝስ?"

ሚጢጢ ዓይኗን ወደ ተቀደደው ገጽ መለሰች።

ሥራ አስኪያጁ በዚያው ጠዋት ወሰነ። ለእትዬ አንሶላ የፊርማው ነገር በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሆነባት፤ ክፍሏን መለሱላት። ሚጢጢን አሰናበቷት። ኮሪደሩ ላይ ሚጢጢ ቆማ ጠበቀቻት፤ ዓይኗ ቀልቷል።

"ለአንሶላ ብለሽ እህትሽን ሸጥሽ።"

እትዬ አንሶላ ብዙ ልትላት ትችል ነበር፤ ያዘለችበትን፣ ያጠበችበትን፣ እጇ የተላጠበትን ሳሙና ሁሉ። አላለችም። "ሃቭን ብታጠፊ ኖሮ፣ ሰኞን ባትነኪ፣ አብረን እንለምናቸው ነበር" ብቻ አለችና ሄደች። ቤቷ ስትደርስ ያን ባለ መስታወት የምስክር ወረቀት ከግድግዳው አወረደችው። አልሰበረችውም። በአንሶላ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ላይ አኖረችው። ግድግዳው ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ቀረ።

ሁለት ወር አለፈ። ሚጢጢ ሌላ ቦታ ሥራ ይዛለች ሲባል ሰማች። መልእክት ትልካለች፤ በጎረቤት፣ በዘመድ። እትዬ አንሶላ ቁልፏን በየማታው እያስፈረመች፣ ማክሰኞ ማክሰኞ እንግሊዝኛዋን እየተማረች ከረመች።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ሚጢጢ በጓሮው በር በኩል መጣች። ፈታሿ ስታያት ደብተሯን እያገላበጠች ያላየች መሰለች።

"እትዬ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትሆኚው? ይቅርታ ጠይቄያለሁ እኮ።"

እትዬ አንሶላ ክንዷ ላይ የተቆለሉትን ፎጣዎች አስተካከለች። የጠራ፣ ሽቶ ሽቶ የሚል፣ አዲስ ፎጣ ነው።

"መቼ?" አለቻት።

ሚጢጢ አፏን ከፈተች። ሰኞ ልትል፣ ባለፈው ልትል፣ አንድ ቀን ልትጠራ ፈለገች። አልመጣላትም። በዘመድ የተላከ ሰላምታ አለ፤ ናፈቅሽኝ የሚል አለ፤ ይቅርታ የሚል ግን አንድም አልነበረም፤ ሁለቱም ያውቁታል።

እትዬ አንሶላ ጠበቀቻት። ፎጣው እስኪከብዳት፣ ክንዷ እስኪዝል ጠበቀቻት። ግትር ናት፤ ብትችል እስከ ማታ ትቆም ነበር።

"ቀን ስታገኚለት ነይ" አለችና ፎጣዋን ይዛ ገባች።